ሦስት ትኬት፣ መቶ ብር፦ የዕድሎች ድምር ለምን አንድ ይሆናል?

(ጎንደር ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ሕግ ብቻ ነው። ፕሮባቢሊቲ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። ሊሆኑ የሚችሉትን ነገሮች ሁሉ ዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ ጎን የመሆን ዕድሉን ጻፉ። ድምሩ አንድ መሆን አለበት፤ በመቶኛ ከጻፋችሁት ደግሞ መቶ። ይህ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ተማሪው ደብተሩ ላይ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ወደ መልመጃው ይታለፋል። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን ቆም ብሎ የሚያስረዳ ብዙ አይገኝም። ባይሆንስ ምን ይመጣል? ማን ነው የሚጎዳው? እኔ የመጣሁት ለዚህ ጥያቄ ነው።

ምሳሌዬ ኳስ ነው። ፋሲል ከነማ ከባህር ዳር ከነማ ጋር ሊጫወት ነው እንበል። አፄዎቹ ከጣና ሞገዶቹ ጋር ሲገናኙ እዚህ ከተማ ውስጥ ስለ ዕድል የማያወራ ሰው የለም፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን ለመከተል አትቸገሩም። ከጨዋታው ሦስት ነገር ሊወጣ ይችላል። ፋሲል ያሸንፋል፣ አቻ ይወጣሉ፣ ወይም ባህር ዳር ያሸንፋል። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በሙሉ ለማስረጃ ያህል እኔ ያወጣኋቸው ናቸው። ማንም በነሱ ውጤት እንዳይተነብይ።

በመጀመሪያ ዝርዝሩን ራሱን እንየው። ሁለት ነገር ማሟላት አለበት። አንደኛ፣ ምንም ያልተካተተ ነገር መኖር የለበትም፤ ጨዋታው ሲያልቅ ከሦስቱ አንዱ የግድ ሆኗል። ሁለተኛ፣ መደራረብ የለበትም፤ ሁለቱ አብረው ሊሆኑ አይችሉም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያዙልኝ። የሕጉ ጉልበት ያለው እዚህ ነው፤ ስህተትም የሚገባው በእነዚሁ በሁለቱ በሮች ነው።

አሁን ቀላሉን ምክንያት ላስቀድም። ሁለቱ ቡድኖች 20 ጊዜ ተጫውተዋል እንበል። ፋሲል 10 ጊዜ አሸነፈ፣ 6 ጊዜ አቻ ወጡ፣ ባህር ዳር 4 ጊዜ አሸነፈ። እያንዳንዱ ጨዋታ ከሦስቱ አንዱ ውስጥ ገብቷል፤ ሁለት ቦታ የተቆጠረ የለም፣ ሳይቆጠር የቀረም የለም። ስለዚህ 10 ሲደመር 6 ሲደመር 4 የግድ 20 ነው። እያንዳንዱን ለ20 ብታካፍሉት ግማሽ፣ ሦስት አሥረኛ እና አንድ አምስተኛ ታገኛላችሁ። ድምሩ 20 ለ20 ነው። ይህ አንድ ነው። ማንም አላዘዘውም። ሙሉውን ነገር ከፋፍለን መልሰን ስለደመርነው ነው አንድ የሆነው።

ይህ ማስረጃ ትክክል ነው፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። የፊታችን እሁድ የሚደረገው ጨዋታ 20 ጊዜ አልተደረገም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚደረገው። አሰልጣኙ ተቀይሮ ይሆናል፣ አጥቂው ተጎድቶ ይሆናል። «ፋሲል የማሸነፍ ዕድሉ ስልሳ በመቶ ነው» የሚል ሰው የቆጠረው ነገር የለም። የሚናገረው እምነቱን ነው። ታዲያ እምነት ለምን አንድ ላይ እንዲደመር ይገደዳል? እኔ የፈለግሁትን ባምን ምን አለበት?

መልሱን ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው አግኝተውታል። አንዱ እንግሊዛዊው ፍራንክ ራምሴ ነው፤ በ1926 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሑፍ። ሌላው ጣሊያናዊው ብሩኖ ዴ ፊኔቲ ነው፤ በ1930ዎቹ። ሁለቱም ያሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ እምነትህ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ከፈለግህ ዋጋ አውጣለት።

እንዲህ እናድርግ። አንድ ትኬት አለ። ፋሲል ካሸነፈ ለያዘው ሰው መቶ ብር ይከፍላል፤ ካላሸነፈ ምንም አይከፍልም። ይህን ትኬት በስንት ትገዙታላችሁ? «ዕድሉ ስልሳ በመቶ ነው» የሚል ሰው በ60 ብር ይገዛዋል። ቁጥሩን ከልቡ ካመነበት ደግሞ በ60 ብር ለመሸጥም ፈቃደኛ ነው። ለመግዛትም ለመሸጥም አንድ ዋጋ፤ ስምምነቱ ይህ ነው። ለአቻም ለባህር ዳር ድልም ተመሳሳይ ትኬት አለ።

አሁን አንድ ደጋፊ እጠይቃለሁ። «ፋሲል ያሸንፋል?» ስለው «ስልሳ በመቶ» ይላል። ትንሽ ቆይቼ «አቻስ?» ስለው «እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ አቻ አይጠፋም፤ ሠላሳ አምስት በመቶ» ይላል። «ባህር ዳርስ?» ስለው «ጥሩ ቡድን ነው፣ መናቅ አይቻልም፤ ሃያ አምስት» ይላል። እያንዳንዱ መልስ ለብቻው ሲታይ የሚያስነውር ነገር የለውም። ሰውዬውም ኳስ የሚያውቅ ነው። ድምሩ ግን 120 ነው።

እኔ ታዲያ ሦስቱንም ትኬት ራሱ ባወጣው ዋጋ እሸጥለታለሁ። ለፋሲል 60፣ ለአቻ 35፣ ለባህር ዳር 25። 120 ብር ከፈለኝ። ጨዋታው ተደረገ። ፋሲል ቢያሸንፍ አንዱ ትኬት ብቻ 100 ብር ይከፍላል፣ ሁለቱ ይወድቃሉ። አቻ ቢወጡም ያው ነው። ባህር ዳር ቢያሸንፍም ያው ነው። ሰውዬው 120 ከፍሎ 100 ተቀበለ። ኪሳራው 20 ብር ነው፤ ዳኛው ፊሽካ ሳይነፋ በፊት የታወቀ ኪሳራ። ልብ በሉ፣ እኔ ስለ ኳስ ከሱ በላይ ማወቅ አላስፈለገኝም። መደመር ብቻ ነው ያስፈለገኝ።

በተቃራኒው ደግሞ ሌላ ሰው ጥንቁቅ ነኝ ብሎ 45፣ 25 እና 15 ይለኛል። ድምሩ 85 ነው። አሁን እኔ ገዢ እሆናለሁ። ሦስቱንም ትኬት በ85 ብር ከሱ እገዛለሁ። ከጨዋታው በኋላ ምንም ይሁን ምን 100 ብር ይከፍለኛል። እሱ 15 ብር ከሰረ።

ድምሩ ከመቶ ሲበልጥ ይሸጡላችኋል፤ ሲያንስ ከናንተ ይገዛሉ። ይህ በር የሚዘጋው ድምሩ ልክ መቶ ሲሆን ብቻ ነው። ምክንያቱም ሦስቱን ትኬት አንድ ላይ የያዘ ሰው የያዘው ዕድል ሳይሆን እርግጠኛ መቶ ብር ነው። እርግጠኛ መቶ ብር ደግሞ ዋጋው መቶ ብር ነው። ሕጉ በሙሉ እዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ ብል ማጋነን አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት እፈልጋለሁ፤ ተማሪዎች በተለይ ስሙኝ። «አንድ» የሚለው ቁጥር ራሱ ስምምነት ነው። እርግጠኛ የሆነን ነገር አንድ እንበለው ተባባልን። መቶ ማለትም ይቻላል፤ በመቶኛ የሚቆጥር ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስምምነት ያልሆነው ሌላው ክፍል ነው። የክፍልፋዮቹ ድምር፣ ለእርግጠኛው ነገር ከሰጣችሁት ቁጥር ጋር እኩል መሆኑ የግድ ነው። ሩሲያዊው አንድሬ ኮልሞጎሮቭ በ1933 እ.ኤ.አ. የፕሮባቢሊቲን መሠረት ሲጥል ሦስት ነገር አስቀመጠ። ዕድል ከዜሮ አያንስም። የሁሉም ነገር አጠቃላይ ዕድል አንድ ነው። የማይደራረቡ ነገሮች ዕድል ይደመራል። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው የኛ ሕግ ወዲያው ይወጣል። ኮልሞጎሮቭ እነዚህን እንደ መነሻ ወሰዳቸው። ለምን ለሚለው ትኬቶቹ የተሻለ መልስ ይሰጣሉ ብዬ አምናለሁ።

ድምሩ አንድ መሆኑ ግን ግምታችሁ ትክክል ነው ማለት አይደለም። አንድ ሰው ፋሲል 98፣ አቻ 1፣ ባህር ዳር 1 ቢል ድምሩ መቶ ነው። በመደመር ብቻ አላከስረውም። ኳስ የሚያውቅ ሰው ግን እየሳቀ ያከስረዋል። ሕጉ የሚያስጥላችሁ ከእርስ በርስ ግጭት ነው፤ ከድንቁርና አያስጥልም።

ወደዚያ 120 ወዳለው ደጋፊ ልመለስ። የሱ ስህተት የሱ ብቻ አይደለም። አሞስ ትቨርስኪ እና ዴሬክ ኮለር የተባሉ የሥነ ልቦና ሰዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጉዳይ ጽፈዋል። ሰው ስለ አንድ ነገር ለብቻው ሲጠየቅ፣ ለዚያ ነገር የሚሆን ምክንያት ይፈልጋል። ሲፈልግ ደግሞ ያገኛል። ያገኘው ምክንያት ቁጥሩን ያሳብጠዋል። የቀሩት አማራጮች በአንድ ጥቅል «ሌላ» ሆነው ጀርባ ላይ ይቀመጣሉ። ቀጥሎ ስለ ሌላው ሲጠየቅ እሱም በተራው ያብጣል። ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር ድምሩ ከመቶ ይበልጥ ይርቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቁጥሮቹን አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፉና ደምሩ። ካለፈ፣ አንዱን ስትጨምሩ ከየትኛው መቀነስ እንዳለባችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

አሁን ወደ ቤቲንግ ቤት እንግባ። ቁጭ ብላችሁ የምትሰሙኝ ወጣቶች ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የኦድ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ያስያዝከውን በኦዱ አባዛው፣ ከደረሰ የምትቀበለው ያ ነው። ፋሲል 2.00፣ አቻ 3.00፣ ባህር ዳር 4.00 ተብሎ ወጣ እንበል። ከእነዚህ ቁጥሮች ጀርባ ስንት በመቶ አለ? አንድን በኦዱ አካፍሉ። አንድ ለ2 ማለት 50 በመቶ ነው። አንድ ለ3 ማለት 33.33 ነው። አንድ ለ4 ማለት 25 ነው። ደምሩት። 108.33 ይመጣል።

ድምሩ ከመቶ አልፏል። ግን እዚህ የተሳሳተ ሰው የለም። ቤቱ ሻጭ ብቻ ነው፤ በዚያው ዋጋ መልሶ አይገዛም። ያ 8.33 ትርፍ ሆን ተብሎ የገባ ነው። በገንዘብ እንየው። የትኛውም ውጤት ቢወጣ 100 ብር ለመቀበል ከፈለጋችሁ በፋሲል ላይ 50 ብር፣ በአቻ ላይ 33.33፣ በባህር ዳር ላይ 25 ማስያዝ አለባችሁ። 108.33 ከፍላችሁ 100 ትቀበላላችሁ። ቅድም እኔ በደጋፊው ላይ የሠራሁት ሥራ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ዋጋውን ያወጣው ሻጩ መሆኑ ነው።

ቤቱ በልቡ የያዘውን ዕድል ለመገመት እያንዳንዱን ለ108.33 አካፍሉ። ፋሲል 46.2፣ አቻ 30.8፣ ባህር ዳር 23.1 ይሆናል። አሁን እነዚህን ስትደምሩ 100.1 ይመጣል፤ አትደንግጡ። ያቺ ነጥብ አንድ ቁጥሮቹን ካጠጋጋናቸው የመጣች ናት። በሁለት ነጥብ ከጻፋችሁት 46.15፣ 30.77 እና 23.08 ነው፤ ድምሩ ልክ መቶ። የማጠጋጋት ስህተት ሁልጊዜ ትንሽ ነው፤ አማራጮቹ በበዙ ቁጥር ጥቂት ያድጋል። ስምንት በመቶ የሚያህል ትርፍ ግን በማጠጋጋት አይመጣም። አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። ሁሉንም በአንድ ቁጥር ስናካፍል ቤቱ ትርፉን በሦስቱ ላይ በእኩል ድርሻ አከፋፍሎታል ብለን ነው። እውነተኛ ቤቶች ብዙ ጊዜ እንደዚያ አያደርጉም። ዕድሉ ጠባብ በሆነው ላይ ይበልጥ ይጭናሉ።

እኩል ነው ብለን ብንቀጥል እንኳ፣ ከእያንዳንዱ 100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 92.31 ብር ነው። ትንሽ ይመስላል። አምስት ጨዋታ በአንድ ትኬት ስትቆርጡ ግን ኦዶቹ ይባዛሉ፣ ቅናሹም አብሮ ይባዛል። ጨዋታዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ የላቸውም እንበል፤ 0.923 ራሱን አምስት ጊዜ ሲያባዛ 0.67 ገደማ ነው። ከ100 ብር በአማካይ 67 ብር ይመለሳል። አሥር ጨዋታ ከሆነ ወደ 45 ብር ይወርዳል።

በዚያው ስሊፕ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ። «ደብል ቻንስ» ይሉታል። `1X` ማለት ባለሜዳው ያሸንፋል ወይም አቻ ይወጣሉ ማለት ነው። `X2` አቻ ወይም እንግዳው ነው። `12` ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ያሸንፋል፣ አቻ የለም ማለት ነው። አሁን ፋሲል ባለሜዳ ነው፣ የእውነት ዕድሎቹም 50፣ 30 እና 20 ናቸው ብላችሁ የእነዚህን የሦስቱን ዕድል አስሉ። 80፣ 50 እና 70 ይመጣል። ድምሩ 200 ነው።

ሕጉ ተሰበረ? አልተሰበረም። ዝርዝሩ ይደራረባል። ፋሲል ቢያሸንፍ `1X` ደርሷል፣ `12` ደርሷል። ማንኛውም ውጤት ቢመጣ ሁለት ትኬት ይደርሳል። እያንዳንዱ ውጤት ሁለት ጊዜ ስለተቆጠረ ድምሩ ልክ ሁለት ሆነ። እንዲያውም ይህ የሕጉ ሌላ መልክ ነው። ሦስቱን ትኬት የያዘ ሰው ምንም ይምጣ ምን ሁለት መቶ ብር ያገኛል፤ ስለዚህ ዋጋቸው አንድ ላይ ሁለት መቶ ነው። ድምራችሁ ከአንድ ሲያልፍ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ «ሁለት ቦታ የተቆጠረ አለ ወይ?» የሚል ይሁን። ሲያንስ ደግሞ «የተረሳ አለ ወይ?»

ቀጥሎ፣ አዲስ ወሬ ሲመጣ ምን እናደርጋለን? ግምታችሁ 50፣ 30፣ 20 ነበር። ጨዋታው አልቋል፣ እናንተ ግን አላያችሁም። ስታዲየም የነበረ ጓደኛችሁ ደወለ። «አቻ አልወጡም፣ ተሸናንፈዋል» ሲል ስልኩ ተቋረጠ። ማን አሸነፈ? አታውቁም። የአቻው 30 ጠፋ። የቀረው 50 እና 20 ነው፤ ድምሩ 70።

ድምሩ እንደገና መቶ መሆን አለበት። ግን እንዴት? ብዙ ሰው የጠፋውን 30 ለሁለት ይከፍለውና 65 ለ35 ይላል። ድምሩ መቶ ነው፤ መልሱ ግን ትክክል አይደለም። መጀመሪያ ፋሲል ከባህር ዳር ሁለት እጥፍ ተኩል ዕድል ነበረው። አሁን ከሁለት እጥፍ በታች ወርዷል። ጓደኛችሁ ግን ባህር ዳርን የሚደግፍ ነገር አልነገራችሁም። የነገራችሁ አቻ አለመሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ንጽጽር መነካት የለበትም። ንጽጽሩን ሳይነካ ድምሩን መቶ የሚያደርግ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ለ70 ማካፈል። 71.4 ለ28.6 ይመጣል። በመቁጠር አረጋግጡት። ከመቶ ጨዋታ 30ው አቻ ከሆነ፣ ከቀሩት 70 ውስጥ ፋሲል ያሸነፈው 50ውን ነው። 50 ለ70 ደግሞ 71.4 በመቶ ነው።

ይህ የሚሠራው ግን የሰማችሁት ያንኑ ብቻ ከሆነ ነው። ጓደኛችሁ የፋሲል ደጋፊ ከሆነና ድምፁ የደስታ ከሆነ፣ ከቃሉ በላይ ነግሯችኋል። ያን ጊዜ ንጽጽሩም ይለወጣል።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱን እዚህ አስገባዋለሁ፤ ከሁሉም ጥልቁ እሱ ነበር። አንዲት ተማሪ ተነስታ፣ «መምህር፣ ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚሆነው ብለዋል። ጨዋታው በዝናብ ቢቋረጥስ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ዝርዝሬ ሙሉ አልነበረም። የመቋረጡ ዕድል 2 በመቶ ነው እንበል። ያ 2 ከየትም አይመጣም፤ ከሦስቱ ላይ ይቀነሳል። ንጽጽራቸውን ሳንነካ 50ው 49 ይሆናል፣ 30ው 29.4፣ 20ው 19.6። ከ2 ጋር ድምሩ መቶ ነው።

የትኬቱስ ዋጋ? ይህ በውሉ ላይ የተመሠረተ ነው። ብዙ ቦታ ጨዋታ ሲሰረዝ ያስያዝከው ገንዘብ ይመለስልሃል። ዴ ፊኔቲ ይህንን ዓይነት ውል በደንብ አጥንቶታል፤ «ይህ ከሆነ» ተብሎ የሚነገር ዕድል ትርጉሙ ይኸው ነው ብሏል። ከተሰረዘ ውሉ ይፈርሳል፣ ማንም ከማንም አይፈልግም። የፋሲል ትኬት በ50 ብር ተገዛ እንበል። በ49 በመቶ 100 ብር ያስገኛል፤ በአማካይ 49 ብር ነው። በ2 በመቶ ደግሞ 50 ብሩ ይመለሳል፤ በአማካይ 1 ብር ነው። አንድ ላይ 50። ዋጋው ልክ ነው። በዚሁ መንገድ የአቻው 30፣ የባህር ዳሩ 20 ይሆናል። ገንዘብ የሚመለስ ከሆነ ሦስቱ ብቻቸውን እንደገና መቶ ይሞላሉ፤ «ጨዋታው እስከ መጨረሻው ከተደረገ» በሚለው ዓለም ውስጥ ዝርዝሩ ሙሉ ስለሆነ ነው።

ገንዘቡ የማይመለስ ከሆነ ግን ትኬቶቹ 49፣ 29.40 እና 19.60 ብር ያወጣሉ። ድምራቸው 98 ብር ነው፤ ሁለቱ ብር ጨዋታው ቢቋረጥ መቶ ብር የሚከፍለው የአራተኛው ትኬት ዋጋ ነው።